«ሲስተሙ ይህን አይሠራም» ሲባል፦ ማዋቀር፣ ኮድ መጻፍ ወይስ አሠራር መቀየር?

አንድ ድርጅት ኢአርፒ፣ ማለትም ግዢን፣ መጋዘንን፣ ሽያጭንና ሂሳብን በአንድ ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር፣ ለመትከል ሲነሳ ቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሶፍትዌሩ ይዞት የመጣው አሠራርና ድርጅቱ የለመደው አሠራር የት ላይ ይገጥማሉ? የት ላይስ ይለያያሉ? ይህን ለማወቅ የሚካሄደው አውደ ጥናት በሙያው ሰዎች ዘንድ ፊት-ጋፕ ይባላል። የገጠመው «ፊት»፣ ያልገጠመው «ጋፕ» ወይም ክፍተት ነው። ለእያንዳንዱ ክፍተት ደግሞ ከሦስት አንዱ ይወሰናል። ሲስተሙ ውስጥ ባሉት ምርጫዎች ማዋቀር፣ አዲስ ኮድ ጽፎ መጨመር፣ ወይም ድርጅቱ አሠራሩን ለሲስተሙ ማስማማት።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። ችግሩ ክፍተቱ መጀመሪያ በተነገረበት ቃል እንዳለ ተመዝግቦ፣ እንዳለ ውሳኔ ሲሰጥበት ነው። «ለእያንዳንዱ ግዢ አምስት ፊርማ ያስፈልገናል» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ፕሮግራመሩ አምስት ፊርማ ይሠራል። ፊርማዎቹ ለምን እንደመጡ የጠየቀ አይኖርም። ተገላቢጦሹም አለ፤ «ሲስተሙ እንዲህ ነው፣ ልመዱት» ተብሎ የድርጅቱ እንጀራ የሆነ አሠራር ይቀበራል። አንድ ክፍተት ሲበተን ብዙ ጊዜ ከውስጡ ሦስት አራት ትንንሽ ጥያቄዎች ይወጣሉ፤ የእያንዳንዳቸው መልስም ይለያያል። ይህን ለማሳየት አንድ የሥራ ዓይነት ይዘን እንሂድ፦ ፌሮ በጅምላ ገዝቶ፣ በደንበኛ ልክ ቆርጦና አጥፎ ለግንባታ የሚያቀርብ ድርጅት።

ከአውደ ጥናቱ በፊት

ባዶ ሲስተም ይዞ ስብሰባ መግባት ጊዜ ማባከን ነው። አማካሪው ሲስተሙን በመደበኛ ቅንብሩ ተክሎ፣ የድርጅቱን እውነተኛ መረጃ በጥቂቱ አስገብቶበት መምጣት አለበት። አሥር የሚሆኑ የዕቃ ዓይነቶች፣ ሦስት አቅራቢዎች፣ ሦስት ደንበኞችና ትክክለኛዎቹ የመጋዘን ስሞች ይበቃሉ። የመጋዘን ኃላፊው ስክሪኑ ላይ «ባለ 12 ፌሮ» የሚል ካየ ስለ ሥራው ይናገራል። «ናሙና ዕቃ 001» የሚል ካየ ግን ራሱን እየነቀነቀ ዝም ብሎ ያልፋል። ያ ዝምታ «ገጥሟል» ተብሎ ይመዘገብና ሥራ በሚጀመርበት ቀን ክፍተት ሆኖ ይመጣል።

ከድርጅቱ በኩል መምጣት ያለበት ወረቀት ነው። ያለፉት ሦስት ወራት የግዢ ጥያቄዎች፣ ማዘዣዎች፣ የዕቃ መረከቢያዎችና የአቅራቢ ደረሰኞች ከነስርዝ ድልዛቸው ይምጡ። በተለይ የተበላሹት ያስፈልጋሉ፤ ተመላሽ የተደረገ ዕቃ፣ በግማሽ የደረሰ ጭነት፣ ከታዘዘ በኋላ ዋጋው የተቀየረ፣ ወሩ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ደረሰኝ። መደበኛው መንገድ በየትኛውም ሲስተም ውስጥ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ ክፍተት የሚገኘው ከመንገድ በወጡት ጉዳዮች ላይ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው የግድ ይኑር፤ አለቃው ብቻ ከመጣ የሚነገረው መመሪያው ላይ የተጻፈው እንጂ በተግባር የሚደረገው አይደለም። የሥራ ሂደቱ ባለቤት፣ ማለትም «እንዲህ ይሁን» ብሎ መወሰን የሚችለው ሰው፣ ከጎኑ ይቀመጥ። ከአማካሪዎች በኩል ሲስተሙን የሚያሳየውና ማስታወሻ የሚይዘው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። አንዱ ሁለቱንም ልሥራ ካለ ከሁለት አንዱ ይበላሻል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማስታወሻው ነው። ለአንድ ሂደት ሦስት ሰዓት ይመደብ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው ይደክምና ለሁሉም ነገር «እሺ» ማለት ይጀምራል።

አሳይቶ መጠየቅ

«ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የሚጀምር አውደ ጥናት የምኞት ዝርዝር ይዞ ይወጣል። ዛሬ የሚመረጠው አካሄድ መጀመሪያ መደበኛውን አሠራር ከጥያቄ እስከ ክፍያ በሲስተሙ ላይ ማሳየት፣ ከዚያ «እዚህ ላይ ሥራችሁ የሚቆመው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የኢአርፒ አምራቹ ኤስኤፒ «አክቲቬት» በሚባለው የትግበራ ዘዴው ይህንኑ «ፊት-ቱ-ስታንዳርድ» ይለዋል፤ መነሻው መደበኛው ነው፣ ማስረጃ ማቅረብ ያለበት ከመደበኛው የሚወጣው ነው።

ክፍተት ሲነሳ እዚያው ለመፍታት መሞከር አይገባም። አሥር ደቂቃ ውይይት ተደርጎ ካልጠራ ይመዘገብና ይታለፋል። ምዝገባው ግን ሙሉ መሆን አለበት። የትኛው እርምጃ ላይ ተነሳ? ሥራው ማግኘት ያለበት ውጤት ምንድን ነው? ጥያቄው የመጣው ከሕግ ነው፣ ከውል ነው፣ ከድርጅቱ መመሪያ ነው ወይስ ከልማድ? በወር ስንት ጊዜ ያጋጥማል? ባይኖር ምን ይሆናል? እነዚህ አምስቱ ካልተሞሉ ውሳኔ መስጠት አይቻልም። ከአምስቱ ብዙ ሰው የሚዘለው የጥያቄውን ምንጭ ነው። «የግድ ነው» የተባለ ነገር ሁሉ ሕግ ይመስላል፤ «የትኛው አንቀጽ? የትኛው ውል?» ሲባል ግን ግማሹ «ድሮም እንዲህ ነው የምንሠራው» ሆኖ ይገኛል። ልማድ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ክብደቱ ግን ከሕግ ጋር አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ፌሮው ድርጅት እንመለስ። በግዢና በመጋዘን ሂደት ላይ ሦስት ክፍተቶች ተነሱ እንበል።

አንደኛ፦ አምስት ፊርማ

የግዢ ጥያቄ ፎርሙ ላይ ጠያቂው፣ የክፍል ኃላፊው፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ ፋይናንስና ሥራ አስኪያጁ ይፈርማሉ። ጥያቄው «አምስት ደረጃ ማጽደቂያ ይሠራልን» የሚል ነው። አብዛኞቹ ሲስተሞች አምስት ደረጃ ማዋቀር ይችላሉ፤ ስለዚህ ሰነፍ መልሱ «ይቻላል፣ ገጥሟል» ነው።

ትክክለኛው ሥራ ለእያንዳንዱ ፈራሚ ሁለት ጥያቄ ማቅረብ ነው፦ ከመፈረምዎ በፊት ምን ያያሉ? ባለፉት ሦስት ወራት ስንቱን አልፈርምም ብለው መልሰዋል? የመጋዘን ኃላፊው የሚያየው ዕቃው መጋዘን ውስጥ መኖር አለመኖሩን ነው። ሲስተሙ ግን ጠያቂው ዕቃውን በመረጠበት ቅጽበት ቀሪውን ያሳያል፤ ስለዚህ ይህ ፊርማ መረጃ ነበር፣ መረጃውም ቦታው ላይ ገብቷል። ፋይናንስ የሚያየው በጀት ነው። የበጀት ቁጥጥር ከተዋቀረ ሲስተሙ ራሱ ያግዳል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በጀቱ በዓመቱ መጀመሪያ ሲስተሙ ውስጥ ካልገባ ቁጥጥሩ ዝም ብሎ ሁሉንም ሊያሳልፍ ወይም ሁሉንም ሊያግድ ይችላል። ስለዚህ የፋይናንስን ፊርማ ከማስቀረት በፊት በጀቱን ማን፣ መቼ እንደሚያስገባ መወሰን ግድ ነው።

የቀሩት ሁለት ናቸው፤ የክፍል ኃላፊው ለሁሉም፣ ሥራ አስኪያጁ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ ለሆነው ብቻ። የገንዘቡ ወሰን በግምት አይቀመጥም፤ ከመጡት የሦስት ወር ወረቀቶች ይሰላል። ጥያቄዎቹ በዋጋ ቅደም ተከተል ተደርድረው፣ አብዛኛው ገንዘብ ጥቂት ሰነዶች ላይ ተከማችቶ የሚገኝበት ቦታ ይፈለጋል። ሥራ አስኪያጁ እነዚያን ጥቂቶች በጥንቃቄ ቢያይ፣ ሁሉንም እያገላበጠ ከሚፈርመው የተሻለ ቁጥጥር ነው።

ስለዚህ መልሱ የአሠራር ለውጥ ነው፤ ማዋቀሩ ትንሽ ይከተለዋል። ግን የአሠራር ለውጥ ነጻ አይደለም። የመጋዘን ኃላፊው ፊርማውን የያዘው ለቁጥጥር ብቻ ሳይሆን ለጥበቃም ነው፤ «ዕቃው እያለ ተገዛ» የሚል ወቀሳ ሲመጣ ወረቀቱን ያሳያል። ጥያቄው በተነሳበት ቀን የነበረው ቀሪ ሲስተሙ ውስጥ ሰነዱ ላይ ተመዝግቦ እንደሚቀር በዓይኑ ካላየ አይለቅም፤ አለመልቀቁም ትክክል ነው። የውስጥ ኦዲተሩም መጠየቅ አለበት፤ የጠየቀ አያጸድቅ፣ ያዘዘ አይረከብ የሚለው መለያየት ፊርማዎቹ ሲቀነሱ መጠበቁን የሚያረጋግጠው እሱ ነው።

ሌላም በወረቀቱ ላይ በቀላሉ የማይታይ ነገር አለ። ኃላፊው በሌለበት ቀን «ስለ» ብሎ የሚፈርም ሰው አለ። ፎርሙ ላይ ለዚህ ሳጥን የለም፤ ሥራው ግን በእሱ ነው የሚሄደው። ሲስተሙ ውስጥ ከቀን እስከ ቀን የሚል ውክልና ካልተዋቀረ፣ ኃላፊው ዕረፍት በወጣ በሁለተኛው ቀን የይለፍ ቃሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከዚያ በኋላ የተሠራው ቁጥጥር ሁሉ ስሙ ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛ፦ በቤርጋ አዞ በኪሎ መክፈል

ድርጅቱ ፌሮ የሚያዘውና መጋዘን ውስጥ የሚቆጥረው በቤርጋ ነው። አቅራቢው የሚያስከፍለው በኪሎ ነው። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በስሌት አንድ ሜትሩ 0.888 ኪሎ ይመዝናል፤ 12 ሜትር የሆነው ቤርጋ 10.656 ኪሎ ነው። ስለዚህ 1,000 ቤርጋ 10,656 ኪሎ መሆን አለበት። ግን የፋብሪካ ብረት ከስሌቱ ይወርዳል ይወጣል። መኪናው ተጭኖና ባዶውን ተመዝኖ የተጣራው ክብደት 10,390 ኪሎ ሆነ እንበል፤ ልዩነቱ 266 ኪሎ፣ ማለትም 2.5 በመቶ ነው።

አውደ ጥናቱ ላይ የሚነሳው ቃል «ሲስተሙ ሁለት መለኪያ አይዝም፣ ኮድ ይጻፍ» የሚል ነው። ማሳያውን የሠራው አማካሪ ቋሚ መቀየሪያ አስገብቶ ነበር፤ አንድ ቤርጋ ሁልጊዜ 10.656 ኪሎ። ሲስተሙ ማዘዣውን፣ መረከቢያውንና ደረሰኙን ሲያመሳክር 10,656 ይጠብቃል፤ 10,390 የሚል ደረሰኝ ሲመጣ አይገጥምለትም።

በጣም ፈጣኑ ማምለጫ የሚፈቀደውን ልዩነት ወደ 3 በመቶ ከፍ ማድረግ ነው። ማዋቀር ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ደረሰኙም ያልፋል። ከሁሉ አደገኛው መፍትሔም ይህ ነው። አቅራቢው ነገ በሚዛን 10,390 ኪሎ አምጥቶ በስሌት 10,656 ብሎ ቢያስከፍል ምን ይሆናል? ደረሰኙ ሲስተሙ ከሚጠብቀው ጋር እኩል ስለሆነ አንዲት ምልክት ሳይሰጥ ያልፋል። ድርጅቱ ላልመጣ 266 ኪሎ ከፈለ። ልዩነቱ ሰፍቶ የተቀመጠበት ቁጥጥር መረጋጋትን ብቻ ይሰጣል።

ጥያቄው ሲበተን የሚፈለገው ውጤት «በሚዛን የገባውን ክብደት ብቻ መክፈል፣ በመጋዘን ግን በቤርጋ መቁጠር» ነው። እዚህ ላይ ሲስተሙን በደንብ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ለምሳሌ በኤስኤፒ የግዢ ማዘዣ ላይ የማዘዣ መለኪያና የዋጋ መለኪያ ለየብቻ መቀመጥ ይችላሉ፤ ማዘዣው በቤርጋ፣ ዋጋው በኪሎ ይሆናል፣ ዕቃው ሲገባም ትክክለኛው ኪሎ ይጻፋል። የማይክሮሶፍት ዳይናሚክስ 365 ደግሞ ቁጥርና ክብደትን ጎን ለጎን ለሚይዙ ዕቃዎች የራሱ አሠራር አለው። ደረሰኙ የሚመሳከረው ከስሌቱ ጋር መሆኑ ይቀርና በር ላይ ከተመዘነው ጋር ይሆናል። ያኔ የሚፈቀደው ልዩነት ሚዛኑ የሚሳሳተውን ያህል ብቻ ይሆናል። የመኪና ሚዛን በ20 ኪሎ እየዘለለ የሚያነብ ከሆነ፣ 20 ኪሎ ከ10,390 ላይ 0.2 በመቶ ገደማ ነው፤ 0.5 በመቶ ይበቃል።

ይህ የውሸት ክፍተት ይባላል። ሲስተሙ ያለውን ነገር ያሳየው ሰው ስላላወቀው የተፈጠረ ነው። ለዚህ ነው በአውደ ጥናት ላይ «የለም» የተባለ ነገር ሁሉ ኮድ ከመታዘዙ በፊት በሌላ አማካሪ ዳግም መታየት ያለበት። ጥርጣሬን ቶሎ የሚያስነሳው ምልክት ደግሞ ይህ ነው፦ የተጠየቀው ነገር በዓለም ላይ ብረት፣ ሥጋ ወይም እንጨት የሚሸጥ ሁሉ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ትልልቆቹ ሲስተሞች ሳያስቡበት አልቀሩም።

ሲስተሙ ትንሽ ከሆነና ቁጥርና ክብደትን የሚያገናኝበት መንገድ በእውነት ከሌለው፣ ከኮድ በፊት ሌላ ምርጫ አለ፤ በኪሎ ገዝቶ በኪሎ መቁጠር፣ የቤርጋውን ብዛት ደግሞ መረከቢያው ላይ እንደ ማስታወሻ መጻፍ። ይህ የሚያዋጣው ፌሮው ሳይቆረጥ ለሚሸጥ ነጋዴ ነው። ቆርጦ ለሚሸጥ ግን አያዋጣም፤ ምክንያቱን ሦስተኛው ክፍተት ያሳያል።

ሦስተኛ፦ 60 ሜትር አለ፣ 2.4 ሜትር የለም

ደንበኛ 3.5 ሜትር የሆኑ 120 ቁራጮች አዘዘ። ከአንድ ቤርጋ ሦስት ይወጣል፣ 1.5 ሜትር ይተርፋል። ለ120 ቁራጭ 40 ቤርጋ ተቆረጠ፤ 1.5 ሜትር የሆኑ 40 ትራፊዎች ቀሩ። ሲስተሙ ትራፊውን በርዝመት ደምሮ «60 ሜትር አለ» ይላል። በማግስቱ ሌላ ደንበኛ 2.4 ሜትር የሆኑ 20 ቁራጮች ሲያዝ፣ ሲስተሙ 48 ሜትር ያስፈልጋል፣ 60 አለ፣ ይበቃል ብሎ ሽያጩን ያጸድቃል። ከዚያ ሁሉ ትራፊ ግን አንድም 2.4 ሜትር አይወጣም።

ይህ እውነተኛ ክፍተት ነው። ከድርጅቱ የተጠየቀውም «ትራፊን የሚያስተዳድርና ብክነቱ አነስተኛ የሆነ የአቆራረጥ ዕቅድ የሚያወጣ ሶፍትዌር ይሠራልን» ነው። እንዳለ ከተወሰደ የብዙ ወር ሥራ ነው። ሲበተን ግን ሦስት ይሆናል።

መጀመሪያ የሚመጣው የአሠራር ጥያቄ ነው፦ ምን ያህል አጭር ትራፊ መመዝገብ አለበት? ሠራተኞቹ 37 ሳንቲ ሜትርንም ጥግ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የሚጠቀምበት ግን የለም። ከ1 ሜትር በታች ያለው ወዲያው ወደ ቁርጥራጭ ገብቶ በክብደት ይሸጥ፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ወደ ታች ተጠጋግቶ በግማሽ ሜትር ይመዝገብ ተባለ እንበል፤ 1.8 የሆነው 1.5 ተብሎ ይገባል። ከ1 እስከ 11.5 ሜትር 22 ርዝመቶች ብቻ ይሆናሉ። ወደ ታች መጠጋጋቱ አስፈላጊ ነው። ወደ ላይ ከተጠጋጋ ሲስተሙ የሌለ ብረት ይሸጣል። ዋጋም አለው፤ በአንድ ትራፊ እስከ ግማሽ ሜትር ድረስ መዝገብ ላይ የማይታይ ብረት ይኖራል፣ በቆጠራ ጊዜም ትርፍ ሆኖ ይመጣል። ይህን የሂሳብ ክፍሉ አስቀድሞ ማወቅና መቀበል አለበት። የሽያጭ ሰዎች «2.2 የሚሆን 2.45 ነበረን፣ እንደ 2 ተመዝግቦ አመለጠን» ካሉ ደረጃው ወደ ሩብ ሜትር ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ርዝመቶቹ 44 ይሆናሉ፣ የሚለካው ሰው ሥራም በዚያው ልክ ይበዛል።

ቀጥሎ የማዋቀር ጥያቄ አለ። እያንዳንዱ ርዝመት ለብቻው መታየት አለበት። ለእያንዳንዱ አዲስ የዕቃ ኮድ ከተከፈተ በስድስት ውፍረት 22 ርዝመት 132 ኮድ ነው፤ መዝገቡ ይጨናነቃል፣ ሰውም ይሳሳታል። ሲስተሙ በባች፣ ማለትም በአንድ የዕቃ ኮድ ሥር በየራሱ መለያ በተለየ ክምችት፣ መያዝ የሚችል ከሆነ ግን ዕቃው አንድ ሆኖ ርዝመቱ የባቹ መለያ ይሆናል። ያኔ «ባለ 12፣ ከ2.4 የሚበልጥ ስንት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ትክክለኛ መልስ ይገኛል። እስካሁን አንድ መስመር ኮድ አልተጻፈም፤ ያለቦታው የሚጸድቀው ሽያጭ ግን ቆሟል።

የቀረው የአቆራረጥ ዕቅዱ ነው። የነገን ትእዛዞች ያሉትን ትራፊዎችና ሙሉ ቤርጋዎች አይቶ የትኛው ከየትኛው ይቆረጥ የሚለውን መምረጥ አጠቃላይ ኢአርፒ በመደበኛው አይሠራም። ድርጅቱ ደግሞ ከሌላው የሚለይበት እዚህ ጋ ነው፤ ብክነቱን በቀነሰ ቁጥር ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ ኮድ ወይም ለዚሁ የተሠራ ሌላ ፕሮግራም ይገባዋል። ወሰኑ ግን ጠባብ ይሁን። ፕሮግራሙ ከሲስተሙ ውጭ ሆኖ ቀሪውንና ትእዛዙን ያነባል፣ የአቆራረጥ ዝርዝር ያወጣል፣ ሠራተኛው ያረጋግጣል፣ ወጪና ገቢው በሲስተሙ መደበኛ ሰነድ ይመዘገባል። ፕሮግራሙ አንድ ቀን ቢበላሽ የሚያጡት ምክሩን ብቻ ነው፤ ቆራጩ እንደ ድሮው በልምዱ ይቆርጣል፣ መዝገቡም ትክክል ሆኖ ይቀጥላል።

የኮድ ዋጋ የት ላይ ይከፈላል

ክርክር ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ቁጥር መጻፊያው ነው፤ «12 ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው»። የሚረሳው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዳይናሚክስ 365 በዓመት ሁለት ትልልቅ የማሻሻያ ዙር አለው፤ የኦራክል ፊውዥን ክላውድ በየሩብ ዓመቱ ይታደሳል። በእያንዳንዱ ዙር የተጨመረው ኮድ አሁንም መሥራቱ መፈተሽ አለበት። ለአንድ ዙር ሁለት ቀን ቢፈጅ፣ በዓመት ሁለት ዙር፣ በስድስት ዓመት 24 ቀን ነው፤ ከመጻፊያው እጥፍ። በየሩብ ዓመቱ ከሆነ 48 ቀን ይደርሳል። የአምስት ፊርማውን ጥያቄ በዚህ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው፤ የመጋዘን ኃላፊውን ወረቀት ለማቆየት ያን ያህል ቀን የሚከፍል ድርጅት መኖር የለበትም። የአቆራረጥ ዕቅዱ ግን ከዚያ በላይ ብረት ሊያተርፍ ይችላል። ይህን በቃል ከመከራከር፣ የአንድ ወር ቁርጥራጭ ተመዝኖ ምን ያህሉ መዳን ይችል እንደነበር ማስላት ይሻላል።

ኮዱ የሚቀመጥበት ቦታም ዋጋውን ይለውጣል። ከሁሉ ውድ የሚሆነው የሲስተሙን ዋና ኮድ መንካት ነው፤ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ይጋጫል፣ አምራቹም ለነካኸው ክፍል ኃላፊነት አይወስድም። በኤስኤፒ ኤስ/4ሃና የሕዝብ ክላውድ ላይ ዋናውን ኮድ መንካት ጭራሽ አይቻልም፤ መጨመር የሚቻለው አምራቹ በከፈተው በር ብቻ ነው። ዋናውን መንካት በሚቻልባቸው ሲስተሞች ላይም ይህንኑ መንገድ መከተል ይሻላል።

ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ የሚበላሽ

ውሳኔው ከአውደ ጥናቱ ሳይርቅ፣ በዚያው ሳምንት፣ አነስ ባለ ስብሰባ ይሰጥ። ወር ካለፈው ማንም ምን ማለቱ እንደነበር አያስታውስም፤ ክፍተቶቹም «በሁለተኛው ምዕራፍ» የሚል ማኅተም እየተመታባቸው ይከማቻሉ። ሁለተኛው ምዕራፍ ቀንና በጀት ከሌለው ያ ውሳኔ «አይሠራም» ማለት ነው፤ ለተጠቃሚዎቹ በግልጽ ቢነገራቸው ይሻላል።

«ገጥሟል» የተባሉትም መታየት አለባቸው። ገጥሟል ለማለት ማስረጃው በሙከራ ሲስተሙ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሄደ ሰነድ ቁጥር ነው። ለግዢው ሂደት ቢያንስ ሁለት ሰነድ ይፈለጋል፤ አንዱ ያለምንም እክል ያለፈ፣ ሌላው በግማሽ ደርሶ ከፊሉ የተመለሰ። ከሁለተኛው ጋር ያልተሞከረ ሂደት ገና አልታየም ተብሎ ይመዝገብ።

ከሁሉ ይልቅ ጠፍቶ የሚቀረው የአሠራር ለውጥ ነው። የሚጻፍ ኮድ ፕሮግራመር አለው፣ የሚዋቀር ነገር አማካሪ አለው፤ ሁለቱም በሥራ ዝርዝር ላይ ስም አላቸው። «ከ1 ሜትር በታች ያለው ወደ ቁርጥራጭ ይገባል» የሚለው ግን ማንም ሳይዘው ቃለ ጉባኤ ላይ ይቀራል። ሥራ ሲጀመር ሠራተኛው 37 ሳንቲ ሜትሩን እንደ ልማዱ ጥግ ላይ ያስቀምጣል፣ መዝጋቢው ምን ብሎ እንደሚመዘግበው አያውቅም፣ በመጀመሪያው ቆጠራ መዝገቡና መጋዘኑ አይገናኙም፤ ጥፋቱም ሲስተሙ ላይ ይላከካል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የአሠራር ለውጥ ባለቤቱ በስም ይጻፋል፣ የሚሻሻለው መመሪያ ይጠቀሳል፣ ሠራተኛው የሚሠለጥንበት ቀን ይቀመጣል። በዚህ ጉዳይ ላይ ባለቤቱ የቁረጣ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጥግ ላይ ያለውን ትራፊ በሙሉ አስለክቶ፣ ከ1 ሜትር በታች ያለውን አስወጥቶ፣ የቀረውን በግማሽ ሜትር ለይቶ ምልክት ያስደርግበታል። የመክፈቻ ቆጠራው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።